የመስኖ ዕቃ ርክክብ፦ ከፊርማ በፊት የሚቆጠረው፣ ከፊርማ በኋላ የሚጎድለው

በራያ ቆቦ ወረዳ የሮቢትና የአካባቢው አርሶ አደር ከዝናብ ጥበቃ ተላቆ በከርሰ ምድር ውኃ ማልማት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶችን በማስቆፈር፣ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ውኃ በማውጣትና በጠብታ መስኖ በማዳረስ የሸለቆውን ግብርና ቀይሯል። ማሽላና ጤፍ ብቻ ይበቅልበት የነበረው መሬት ሽንኩርትና ቲማቲም ማብቀል የቻለው በዚሁ ሥራ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ግን አካባቢውን ደጋግሞ የውጊያ ሜዳ አደረገው፤ የመስኖ ፓምፖች፣ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችና የውኃ መስመሮችም ተዘረፉ፣ ተሰባበሩ። ከዚያ ወዲህ ለሸለቆው የሚመጣ እያንዳንዱ ፓምፕ፣ ኬብልና የጠብታ መስመር ሥራ ያቆመን ጉድጓድ መልሶ ለማስነሳት የሚመጣ ነው።

ስለ መልሶ ግንባታው ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው የበጀቱ መጠን ነው። በበጀቱ የተገዛው ዕቃ ከመኪና ወርዶ መጋዘን የሚገባበት ሰዓት ግን እምብዛም አይወሳም። አንድ ጭነት የተሟላ ይሁን የጎደለ፣ የታዘዘው ይሁን የተቀየረ የሚታወቀው በዚያ ሰዓት ነው። ያ ሰዓት በይድረስ ይድረስ ካለፈ ጉድለቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ማሳ ላይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ተጠያቂውን ማግኘት ያስቸግራል።

ሦስት ወረቀት፣ ሦስት የተለያየ ነገር

ከመስኖ ዕቃ ጭነት ጋር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወረቀት ይመጣል። አንደኛው ዌይቢል የሚባለው የጭነት ማስረከቢያ ሰነድ ነው። ሾፌሩ ይዞት የሚመጣው ይህ ወረቀት ስንት እሽግ እንደተጫነ፣ ጠቅላላ ክብደቱ ስንት እንደሆነና ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ይናገራል። በእሽጉ ውስጥ ስላለው ነገር ግን የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ፓኪንግ ሊስት ወይም የእሽግ ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ሳጥን በቁጥሩ ተጠርቶ ውስጡ ምን እንዳለ፣ ስንት እንደሆነና ምን ያህል እንደሚመዝን የሚጻፈው በዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ወረቀት ከጭነቱ ጋር አይመጣም፤ የሚገኘው በገዢው መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ነው። ይኸውም የግዥ ውሉና ከውሉ ጋር የተያያዘው የቴክኒክ ዝርዝር መግለጫ ነው። ገዢው ያዘዘው ምን እንደነበር የሚናገረው ይህ ብቻ ነው።

ብዙ ርክክብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ተረካቢው ፓኪንግ ሊስቱን ይዞ ዕቃውን ይቆጥራል፤ ሁለቱ ከተስማሙ «ተሟልቷል» ብሎ ይፈርማል። ፓኪንግ ሊስቱን የጻፈው ግን ላኪው ነው። ላኪው ያዘጋጀውን ዕቃ ላኪው ከጻፈው ዝርዝር ጋር ማመሳከር «ላኩልኝ ያሉትን ልከዋል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል እንጂ «ያዘዝኩትን ልከዋል ወይ?» ለሚለው አይሰጥም። ስለዚህ ከላኪው ጀምሮ የተቀየረ ዕቃ በፓኪንግ ሊስት ብቻ አይያዝም። ውሉና መግለጫው ቅጂያቸው አስቀድሞ ሮቢት ደርሶ በተረካቢው እጅ መገኘት አለበት።

ለማሳያ አንድ ጭነት

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ለአንድ ጉድጓድ የመጣ ጭነት እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው፤ የዕቃዎቹ ዓይነት ግን በሸለቆው የሚሠራባቸው ናቸው። በዌይቢሉ ላይ 85 እሽግ ተጽፏል። ፓኪንግ ሊስቱ እንዲህ ይዘረዝረዋል፤ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ 1 ሳጥን፣ ሞተሩ 1 ሳጥን፣ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ 1 ካርቶን፣ ኬብል 1 ጥቅል፣ ባለ 6 ሜትር የብረት ማውጫ ቱቦ 16፣ የውኃ ማጣሪያ 1 ሳጥን፣ እያንዳንዱ 400 ሜትር የሆነ የጠብታ መስመር 60 ጥቅል፣ የመስመር ማያያዣ 4 ካርቶን።

የጠብታ መስመሩ 60 ጥቅል በ400 ሜትር ሲባዛ 24,000 ሜትር ይሆናል። በመስመርና በመስመር መካከል 1 ሜትር ከተተወ ይህ 2.4 ሄክታር ያለብሳል። አንዱ መስመር 50 ሜትር ቢሆን 480 መስመር ይወጣዋል ማለት ነው። እያንዳንዱ መስመር ከዋናው ቱቦ የሚገናኘው በአንድ ማያያዣ ነው፤ ዝርዝሩ 500 ማያያዣ ሲል 480ው ለሥራ፣ 20ው ለመጠባበቂያ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ቆጠራ በመኪናው ሥር

ርክክቡ ሁለት ደረጃ አለው፤ ሁለቱን መደባለቅ አይገባም። የመጀመሪያው ሾፌሩ ቆሞ እያለ የሚደረገው የእሽግ ቆጠራ ነው። ሸራው ሳይገለጥ የመኪናው ታርጋ ይመዘገባል፤ ጭነቱ በፕሎምፕ የታሸገ ከሆነም የፕሎምፑ ቁጥር ከሰነዱ ጋር ይመሳከራል። ጭነቱ እንዳለ በስልክ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ማራገፉ ይጀመራል።

ቆጠራው በሁለት ሰው ቢሆን ይመረጣል። አንዱ የእሽጉን ቁጥር ከሳጥኑ ላይ እያነበበ ይጠራል፤ ሌላው በባዶ ወረቀት ላይ አራት ቀጥ ያለ ጭረትና አንድ አግድም እያደረገ በአምስት በአምስት ይይዛል። የሚይዘው ሰው ፓኪንግ ሊስቱ በእጁ ባይኖር ይሻላል። «60 መሆን አለበት» የሚለውን ቁጥር አስቀድሞ ያየ ሰው 57 ላይ ሲደርስ የተሳሳተው ራሱ ይመስለዋል፤ አንዳንዴም ሦስት ጭረት ጨምሮ ያስተካክለዋል። ቁጥሩን ያላየ ሰው የሚጽፈው ያየውን ብቻ ነው።

በእኛ ማሳያ ቆጠራው 82 ሆነ። የጎደሉት 3 የጠብታ መስመር ጥቅሎች ናቸው። ይህ ጉድለት በእሽግ ቁጥር ላይ የታየ ስለሆነ ጉዳዩ በቅድሚያ አጓጓዡን ይመለከታል፤ 85 ተረክቤያለሁ ብሎ ፈርሞ የተነሳ ሰው 82 ነው ያደረሰው። ጉድለቱ የሚጻፈውም ሾፌሩ ይዞት በሚመለሰው የዌይቢል ቅጂ ላይ ነው። መጋዘን ውስጥ በሚቀር ደብተር ላይ ብቻ የተጻፈ ጉድለት አጓጓዡን አይነካውም፤ በእጁ ያለው ሰነድ ንጹሕ ነውና። ሾፌሩ አልፈርምም ካለ መከራከር አያስፈልግም። አለመፈረሙ ራሱ ይጻፋል፣ በቦታው የነበሩ ሁለት ሰዎች ይመሰክራሉ፣ ሰነዱም ፎቶ ይነሳል።

በዚሁ ደረጃ የውጭ ጉዳት ይታያል። በማሳያችን የመቆጣጠሪያው ካርቶን አንድ ጥግ ተጨፍልቋል። ከማውጫ ቱቦዎቹም የሁለቱ ጫፍ መከላከያ ክዳን ወልቆ ጥርሳቸው ተበልቷል። ከወደብ የተነሳ ዕቃ መጨረሻው ቦታ እስኪደርስ በየመጋዘኑ መጫንና መራገፉ አይቀርም፤ ጥግ የሚመታውና ክዳን የሚወልቀው በዚህ መካከል ነው። የተጨፈለቀው ካርቶን ሾፌሩ እያየ ይከፈታል፤ ከመከፈቱ በፊትም ከተከፈተ በኋላም ፎቶ ይነሳል። «ካርቶን ተጎድቷል» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ «የግራ ታችኛው ጥግ ተጨፍልቋል፣ ሲከፈት የመቆጣጠሪያው በር ጎብጧል፣ የተሰበረ የውስጥ ዕቃ በዓይን አልታየም፣ በኤሌክትሪክ ገና አልተሞከረም» ተብሎ ይጻፋል። የመጨረሻው ሐረግ በተለይ አስፈላጊ ነው። ያልተሞከረ ዕቃ ደህና ነው ተብሎ ከተጻፈ ከወር በኋላ መብራት ሲለቀቅበት የሚወጣው ብልሽት የተረካቢው ሊባል ይችላል።

ከዚህ በኋላ ሾፌሩ ይሸኛል። ፊርማው ግን ምን እንደተረጋገጠና ምን እንዳልተረጋገጠ መለየት አለበት፤ «82 እሽግ ተቆጥሮ ተረክቧል። 3 የጠብታ መስመር ጥቅል ጎድሏል። የእሽጎቹ ይዘት ገና አልተመረመረም።» እነዚህ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ዌይቢሉ ላይ ከታተመው «በመልካም ሁኔታ ተረክቤያለሁ» ከሚለው ቃል በላይ በእጅ መጻፍ አለባቸው። መኪናው ቸኩሏል፣ መሽቷል፣ ሾፌሩ ገና ጎብዬና ወልዲያ የሚያደርሰው ጭነት አለው፤ ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። 82 እሽግ ለመቁጠርና ሦስት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ግን ረጅም ሰዓት አይፈጅም። የሚፈጀው የይዘት ምርመራው ነው፤ እሱን ደግሞ ሾፌሩን ሳይዙ በማግስቱ ማካሄድ ይቻላል።

ሁለተኛው ምርመራ፦ ሳጥኑ ሲከፈት

የይዘት ምርመራው ለመጋዘን ኃላፊ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። የመስኖ ባለሙያና የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ዕቃውን የሚጠቀምበት የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ተወካይም መገኘት አለበት፤ ውኃው ባይደርሰው የሚጎዳው እሱ ነውና።

በማሳያችን ከአራቱ የማያያዣ ካርቶኖች ሦስቱ የተሟሉ ናቸው፤ ሦስተኛው ካርቶን ግን ከፋብሪካ የተለጠፈበት ማሸጊያ ሳይነካ በውስጡ የተገኘው ከ125 ማያያዣ 45 ብቻ ነው። ጠቅላላው 420 ሆነ፤ 80 ጎደለ። ማሸጊያው ያልተነካ ካርቶን ውስጥ የጎደለ ዕቃ መንገድ ላይ አልወደቀም፤ ከመጀመሪያውም አልገባም። ጥያቄው እንግዲህ ወደ አጓጓዡ ሳይሆን ወደ አቅራቢው ይሄዳል። ማሸጊያው ተቀድዶ ወይም በሌላ ፕላስተር ተለጥፎ ቢገኝ ኖሮ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ስለዚህ ካርቶኑ ከመከፈቱ በፊት ማሸጊያው ምን ይመስል እንደነበር በጽሑፍና በፎቶ መያዝ አለበት። ከተከፈተ በኋላ ይህን ማረጋገጥ አይቻልም።

ማያያዣ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ብዙ ሰው ጉድለቱን ንቆ ያልፈዋል። ስሌቱ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። 3 የጠፉ ጥቅሎች 1,200 ሜትር ናቸው፤ ይህም 24 መስመር፣ በመሬት ሲለካ 0.12 ሄክታር ነው፤ የአንድ ጥማድ ግማሽ ግድም። 80 ማያያዣ ሲጎድል ግን ከ480 መስመር ውኃ ማግኘት የሚችለው 420ው ነው። 60 መስመር፣ ማለትም 0.3 ሄክታር ወይም ከአንድ ጥማድ ትንሽ የሚበልጥ መሬት በማያያዣ እጦት ይቆማል። በዋጋ ትንሹ ጉድለት በማሳ ላይ ትልቁ ሆነ። የጉድለትን ክብደት በዕቃው ዋጋ ብቻ መመዘን እንዲህ ያሳስታል።

ተመሳስሎ የተቀየረ ዕቃ

ጉድለት በቆጠራ ይገኛል፣ ብልሽትም በዓይን ይታያል። የተቀየረ ዕቃ ግን ቁጥሩም የተሟላ፣ መልኩም ያማረ ሆኖ ስለሚመጣ ከሁሉ የሚያመልጠው እሱ ነው። በማሳያችን ሁለት ዓይነት ቅያሬ አለ።

የመጀመሪያው በጠብታ መስመሩ ላይ ነው። ውሉ የሚለው የማንጠብጠቢያ ቀዳዳዎቹ ርቀት 30 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ነው። ፓኪንግ ሊስቱ «የጠብታ መስመር፣ 16 ሚሊ ሜትር፣ 400 ሜትር» ብሎ ያልፋል፤ ስለ ቀዳዳ ርቀት አንድም ቃል የለውም። ከደረሱት 57 ጥቅሎች የ45ቱ መለያ ወረቀት 30 ሳንቲ ሜትር ሲል፣ የ12ቱ 50 ሳንቲ ሜትር ይላል። ጥቅሎቹ በቀለምም በውፍረትም አንድ ናቸው። የላይኛውን ጥቅል ብቻ አይቶ ያለፈ ሰው አያገኘውም፤ የእያንዳንዱ ጥቅል መለያ መነበብ አለበት። መለያው ከወደቀም ጫፉን ዘርግቶ በሁለት ቀዳዳ መካከል ያለውን በሜትር መለካት ደቂቃ አይፈጅም።

እነዚህ 12 ጥቅሎች ሳይታወቁ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቀው ቢዘረጉ ምን ይሆናል? በ50 ሜትር መስመር ላይ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት 166 ገደማ ቀዳዳ ይኖራል፤ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ግን 100 ብቻ። እያንዳንዱ ቀዳዳ የሚያንጠባጥበው እኩል ከሆነ፣ በአንድ በር በእኩል ሰዓት የሚጠጡ ሁለት ጎረቤታሞች እኩል ውኃ አያገኙም፤ አንዱ 5 እጅ ሲያገኝ ሌላው 3 እጅ ያገኛል። ባለ 30ው በ3 ሰዓት የሚጠጣውን ለማግኘት ባለ 50ው 5 ሰዓት ያስፈልገዋል። ሥሩ ጥልቅ ላልሆነው ሽንኩርት ደግሞ በአሸዋማ አፈር ላይ በሁለት ቀዳዳ መካከል ደረቅ ቦታ ሊቀር ይችላል። ማሳ ላይ ይህ የሚታየው እንደ ውኃ ተራ ጥል ነው። አንዱ «ተራዬን ሰረቁኝ» ይላል፣ የውኃ አባቱ ይወቀሳል፣ ማኅበሩ ይከፋፈላል። መነሻው ግን መጋዘን በር ላይ ያልተነበበ ወረቀት ነው።

ሁለተኛው ቅያሬ በሞተሩ ላይ ነው። ፓኪንግ ሊስቱ «ሞተር 37 ኪሎ ዋት፣ ብዛት 1» ይላል፤ ሳጥኑ ውስጥም 37 ኪሎ ዋት ሞተር አለ። ፓኪንግ ሊስቱና ዕቃው ፍጹም ይስማማሉ። ውሉ ግን 50 ኸርዝ ብሎ ያዘዘ ሲሆን በሞተሩ መለያ ሰሌዳ ላይ የተቀረጸው 60 ኸርዝ ነው። የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ ነው። አንዳንድ አገሮች የሚሠሩት በ60 ስለሆነ ፋብሪካዎች ሁለቱንም ይሠራሉ።

ይህ ሞተር ሲገጠም ላይቃጠል ይችላል፤ ይዞራልም። የሚዞረው ግን ከታሰበለት ፍጥነት ከ6 እጅ 5ቱን ያህል ነው። የፓምፕ ውኃ የመግፋት ከፍታ ደግሞ ከፍጥነቱ በበለጠ ይወርዳል፤ ፍጥነት ከ6 እጅ 5 ሲሆን ከፍታው ከ36 እጅ 25 ይሆናል። በ60 ኸርዝ 110 ሜትር እንዲገፋ የተሠራ ፓምፕ በእኛ መስመር ላይ ወደ 76 ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ጉድጓዱና የመስመሩ ግፊት በድምሩ 90 ሜትር የሚጠይቅ ከሆነ ሞተሩ እየዞረ፣ መብራቱ እየተከፈለበት ውኃው ማሳ አይደርስም። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የሚያርፈው ጉድጓዱ ላይ ነው፤ «ውኃው ሸሸ» ይባላል። ቱቦው ሁሉ ተነቅሎ እስኪወጣ ድረስ ሰሌዳውን መልሶ የሚያይ የለም።

ሰሌዳውን ለማንበብ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። አራት ነገር ከውሉ ጋር ይመሳከራል፤ ኪሎ ዋት፣ ቮልት፣ ኸርዝና በደቂቃ የሚዞረው ብዛት። የኸርዙ ጽሑፍ ቢደበዝዝ እንኳ የመጨረሻው ይረዳል። ፈጣኑ የጉድጓድ ሞተር በ50 ኸርዝ በደቂቃ 2,900 ገደማ ሲዞር በ60 ኸርዝ 3,450 ገደማ ይዞራል። ሰሌዳው 3,400 እና ከዚያ በላይ ካለ ሞተሩ የተሠራው ለሌላ መስመር ነው። አንዳንድ ሰሌዳ ለ50ም ለ60ም የሚሆን ሁለት ረድፍ ቁጥር ስላለው መነበብ ያለበት በ50 ኸርዝ ረድፍ ያለው ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ከአቅራቢው የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ «ይኼኛው እንዲያውም ይሻላል» የሚል የስልክ ቃል ነው። ሊሆንም ይችላል። ያን የመወሰን ሥልጣን ግን የመጋዘን ኃላፊውም የወረዳው ባለሙያም አይደለም፤ በውሉ የፈረመው ገዢ ነው። የተቀየረው ዕቃ ለብቻው ይቀመጣል፣ «በውል ያልታዘዘ፣ ውሳኔ የሚጠብቅ» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል፣ ውሳኔ በጽሑፍ እስኪመጣ አይገጠምም። የተገጠመ ዕቃ ተቀባይነት እንዳገኘ ይቆጠራልና። ባለሙያው የሚሰጠው የጽሑፍ አስተያየት ነው። ለምሳሌ ስለ 12ቱ ጥቅሎች «ለብቻው በር ባለው ማሳ ላይ፣ የሰዓት ተራው ተስተካክሎ፣ መሥራት ይችላል» ሊል ይችላል። ስለ ሞተሩ ግን «አይሠራም፣ ይመለስ» ከማለት ሌላ ምርጫ ላይኖረው ይችላል።

ሞዴል 19 ላይ የሚጻፈው ቁጥር

በመንግሥት ንብረት አሠራር ዕቃ ገቢ የሚሆነው በሞዴል 19 ነው። እዚህ ላይ የሚሠራ አንድ ስህተት ብዙ የመጋዘን ሠራተኞችን ባለዕዳ ያደርጋል። ደረሰኙ የሚቆረጠው ከፓኪንግ ሊስቱ ላይ በመገልበጥ ይሆናል፤ 60 ጥቅል፣ 500 ማያያዣ ተብሎ። ጉድለቱ «በኋላ ይላካል» በሚል ተስፋ በቃል ይታለፋል። ከዓመት በኋላ ኦዲተር ሲመጣ መዝገቡ 60 ይላል፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለው 57 ነው። የጎደለው መቼም ያልመጣ ዕቃ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ስለሌለ ተጠያቂው ቁልፉን የያዘው ሰው ይሆናል። ሞዴል 19 ላይ የሚገባው የተቆጠረውና ተቀባይነት ያገኘው ቁጥር ብቻ ነው። የቀረው ሲመጣ ሌላ ደረሰኝ ይቆረጥለታል።

ልዩነቱ ደግሞ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። ፓኪንግ ሊስቱን መሰረዝና መደለዝ አይገባም፤ እሱ የላኪው ቃል ስለሆነ እንዳለ ይቀመጣል። በቃለ ጉባኤው ላይ ለእያንዳንዱ ዕቃ በውል የታዘዘው፣ በፓኪንግ ሊስት የተጻፈውና የተገኘው ጎን ለጎን ይጻፋል። በማሳያችን እንዲህ ይነበባል፦

የጠብታ መስመር፦ በውል 60፣ በዝርዝር 60፣ የተገኘ 57። ጉድለት 3፤ በእሽግ ቆጠራ የታየ፣ በዌይቢል ላይ የተመዘገበ። ከተገኘው 12ቱ የቀዳዳ ርቀታቸው 50 ሳንቲ ሜትር፤ በውል የታዘዘው 30 ስለሆነ ለብቻ ተቀምጧል።

ማያያዣ፦ በውል 500፣ በዝርዝር 500፣ የተገኘ 420። ጉድለት 80፤ ሁሉም ከ3ኛ ካርቶን፣ የፋብሪካ ማሸጊያው ያልተነካ።

ሞተር፦ በውል 1፣ በዝርዝር 1፣ የተገኘ 1። በሰሌዳው 60 ኸርዝ፤ በውል 50 ኸርዝ። ተቀባይነት አላገኘም።

ማውጫ ቱቦ፦ በውል 16፣ በዝርዝር 16፣ የተገኘ 16። የ2ቱ ጥርስ ተበልቷል፤ በርክክብ ጊዜ የታየ፣ በዌይቢል ላይ የተመዘገበ።

መቆጣጠሪያ፦ በውል 1፣ በዝርዝር 1፣ የተገኘ 1። ካርቶኑ ተጨፍልቆ፣ በሩ ጎብጦ ደርሷል፤ በኤሌክትሪክ አልተሞከረም።

ከታዘዘው በላይ የመጣ ዕቃ ካለም እንደዚሁ ለብቻው ይጻፋል። «ሦስት ጥቅል ቢጎድልም ማጣሪያ አንድ ትርፍ መጥቷል» ብሎ አንዱን በሌላው ማቻቻል ሁለት የተሳሳተ መዝገብ ይፈጥራል እንጂ አንዱንም አያስተካክልም።

ቃለ ጉባኤው በተጻፈበት ቀን ለገዢው መሥሪያ ቤት፣ በእሱም በኩል ለአቅራቢው መድረስ አለበት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በሚናገርበት ክፍሉ ገዢ የተረከበውን ዕቃ እንደተመቸው ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ዕቃው የታሸገ ሆኖ ወራት ከተቀመጠ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ «መጋዘናችሁ ውስጥ የተበላሸ ነው» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። ያን መልስ ለመመከት የሚቻለው ቀን ባለበት ጽሑፍ ነው።

ማዳበሪያ ላይስ?

የሮቢት አርሶ አደር በየዓመቱ የሚያየው ርክክብ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በር ላይ የሚራገፈው ማዳበሪያ ነው። መርሁ አንድ ነው፤ ልዩነቱ እሽጉ ሁሉ ተመሳሳይ ጆንያ መሆኑ ነው። 400 ኩንታል ጭኖ የመጣ መኪና 800 ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ማራገፍ አለበት። ከቆጠራው ሌላ ከመኪናው የፊት፣ የመሐልና የኋላ ክፍል ጥቂት ጆንያዎች ተወስደው ይመዘናሉ። ከላይ ያሉትን ብቻ መመዘን አይበቃም። ተቀድዶ የመጣ ጆንያ እንደ ሙሉ አይቆጠርም፤ ለብቻ ተመዝኖ የቀረው ኪሎ ይጻፋል። ረጥቦ የደረቀ ወይም የረጠበ ዩሪያ ደግሞ ሚዛን ላይ ሙሉ ሊሆን ይችላል፤ በረጠበው ውስጥ ከፊሉ ውኃ ነውና። እንዲህ ያለው የሚታወቀው በእጅ ሲዳሰስ በመጠጠሩና በጆንያው ላይ በቀረው እድፍ ነው።

የጆንያው ጽሑፍም ይነበባል። በአገራችን ዳፕ በኤን ፒ ኤስ ሲተካ ብዙ አርሶ አደር ለውጡን ያወቀው በስም ነው። ነገር ግን በ50 ኪሎ ዳፕ ውስጥ 23 ኪሎ የነበረው የፎስፈረስ ንጥረ ነገር በኤን ፒ ኤስ ውስጥ 19 ኪሎ ነው፤ በምትኩ ድኝ ተጨምሮበታል። ያ በመንግሥት የተወሰነና በይፋ የተነገረ ለውጥ ነበር። ያልተነገረ ለውጥ ከመጣ ግን መጀመሪያ ሊያየው የሚችለው ጆንያው ላይ ያለውን ቁጥር ከማዘዣው ጋር ያመሳከረ ተረካቢ ነው።

ችግሩ ከሮቢት በላይ የሚፈታበት ቦታ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በተረካቢው ጫንቃ ላይ የወደቀ ቢመስልም ግማሹ መፍትሔ ያለው ውሉ በሚጻፍበት ጠረጴዛ ላይ ነው። አሁን ባለው ልማድ ፓኪንግ ሊስት ብዛትና ክብደት ከጻፈ ይበቃዋል። ገዢው መሥሪያ ቤት በውሉ ውስጥ «ፓኪንግ ሊስቱ የእያንዳንዱን ዕቃ ሞዴል፣ ኸርዝ፣ የቀዳዳ ርቀትና የቱቦ የግፊት ደረጃ ይዘርዝር» ብሎ ቢያስገባ ላኪው ሲቀይር መቀየሩን ራሱ ለመጻፍ ይገደዳል፤ ካልጻፈም የጻፈው ሐሰት ይሆንበታል። የውሉና የመግለጫው ቅጂ ጭነቱ ከመነሳቱ በፊት ለወረዳው ጽሕፈት ቤትና ለውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበሩ ቢላክም የሮቢት ተረካቢ ባዶ እጁን መኪና አይጠብቅም። ዛሬ በብዙ ቦታ ያ ቅጂ የሚገኘው ዕቃው ከተራገፈበት ርቆ በክልል ወይም በፌዴራል መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ነው። በዚህ ሁኔታ የሚፈርመው ሰው ያልታየውን ነገር እንዲመሰክር እየተጠየቀ ነው።

እስከዚያው ድረስ ተረካቢው ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር አለ። የታዘዘውን የሚያሳይ ወረቀት ካልደረሰው ከፊርማው በላይ «ከውል ጋር አልተመሳከረም፤ የውሉ ቅጂ አልደረሰንም» ብሎ መጻፍ።